ጓደኛዬ «ኔትወርክ ግቢ» አለችኝ፤ ሳላስቀይማት እንዴት እምቢ ልበላት?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። የልጄ ክርስትና እናት የሆነችው ጓደኛዬ በቅርቡ የምግብ ማሟያ የሚሸጥ ኔትወርክ ውስጥ ገባች። መግቢያው የ36,000 ብር ፓኬጅ ነው፤ በግራና በቀኝ ሰው ሲገባልሽ በየጥንዱ 4,500 ብር ታገኛለሽ ትለኛለች። አንድ እቁብ ውስጥ ነን፤ ተራችን አስቀድሞ በእጣ ስለተያዘ በሚቀጥለው ወር የእኔ እንደሆነ ታውቃለች። ‹ቅዳሜ ፕሬዘንቴሽኑ ላይ ብቻ ተገኚልኝ› ብላ ይዛኛለች። መግባት አልፈልግም፤ እሷን ማጣትም አልፈልግም። ምን ብዬ ልመልስላት?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቅዳሜ አትሂጂ። ከቅዳሜ በፊት ለብቻችሁ ተገናኙና አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ፣ ምክንያት ሳትደረድሪ እምቢ በያት። ምክንያት አለመስጠቱ ጭካኔ ሊመስልሽ ይችላል። እኛ አገር ወዳጅን በደረቁ እምቢ ማለት ስለሚከብድ አንድ ሰበብ እናስቀድማለን፤ ሰሚውም ሰበብ መሆኑን እያወቀ ተቀብሎ ያልፋል፣ ማንም አይዋረድም። ይህ በብዙ ጉዳይ ይሠራል፤ በዚህኛው ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም ጓደኛሽ ሰበብ ስትሰማ ምን እንደምትመልስ ሠልጥናለች።

በምክር ሥራዬ ገንዘብ ያቀያየማቸው ወዳጆች ይመጡልኛል፤ ከእነሱ መካከል ኔትወርክ የገቡም ያልገቡም አሉ። ሥልጠናው የሚሄድበት መንገድ ከድርጅት ድርጅት ብዙም አይለያይም። አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያውቃቸውን ሰዎች ስም እንዲዘረዝር ይደረጋል፤ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የማኅበር ሰው፣ የእቁብ ሰው። ቀጥሎ ለየተቃውሞው መልስ ይጠናል። «ገንዘብ የለኝም» ላለ ሰው «ለዚህ እኮ ነው የምትፈልጊው»፤ ካልሠራ «ግማሹን ላበድርሽ»። «ጊዜ የለኝም» ላለች «በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ»። «ባለቤቴን ልጠይቅ» ላለች «አብራችሁ ኑ»። «እስቲ ላስብበት» ያለች ደግሞ ትልቋ ተስፋ ናት፤ ስሟ ማስታወሻ ላይ ይሰፍርና በ48 ሰዓት ውስጥ ይደወልላታል። አንቺ በይሉኝታ የምትወረውሪው ለስላሳ ቃል እሷ ጋ ሲደርስ ያልተዘጋ በር ሆኖ ይቆጠራል።

ፔዳ አካባቢ ቤት ተጋርተው ይኖሩ የነበሩ ሁለት መምህራን በዚህ መንገድ ነው የተለያዩት። አንደኛዋ «አሁን እጄ ላይ የለም» አለች፤ እውነትም አልነበራትም። ሌላኛዋ ግማሹን አበደረቻት፣ ግማሹን ከአጎቷ ተበደረች፣ ገባች። እኔ ጋ የመጡት በምርቱ ወይም በሽያጩ ተጣልተው አልነበረም። የተጣሉት ተበዳሪዋ «አንቺ ስለገፋሽኝ ነው» ስላለች፣ አበዳሪዋ ደግሞ «ችግርሽ ገንዘብ ብቻ ነው ብለሽኝ ነበር» ስላለች ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። መጀመሪያ የተሰጠችው መልስ ሰበብ ስለነበረች፣ ሰበቡ ሲነሳ እምቢታውም አብሮ ተነሳ።

ስለዚህ ምን ትያታለሽ? እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ «እቴ፣ ነግረሽኛል፣ ሰምቼሻለሁ። እኔ አልገባም። አሁንም በኋላም አልገባም። ፕሬዘንቴሽኑ ላይም አልመጣም። ይህን የምልሽ እንዳትጠብቂኝ ብዬ ነው። አንቺን ግን አልተውሽም።» «ለምን?» ማለቷ አይቀርም። «አልፈልግም፣ ወስኛለሁ» በያት። ደግማ «ለምን?» ካለች ደግመሽ ያንኑ። አዲስ ዓረፍተ ነገር በጨመርሽ ቁጥር አዲስ መልስ የሚገባበት ቀዳዳ ትከፍቻለሽ። ባለቤትሽን መሸሸጊያ አታድርጊው፤ «እሱ እምቢ አለ» ካልሽ ነገ እሱን ልታሳምን ትመጣለች፣ ከዚያ በኋላ በእሱና በልጃችሁ ክርስትና እናት መካከል የሚፈጠረውን ቅሬታ የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።

ይህን በቴሌግራም አትጻፊላት። የጽሑፍ መልእክት በኔትወርኩ ከእሷ በላይ ወዳለው ሊደሯ ይላካል፣ «ምን ልበላት?» ተብሎ ምክር ይጠየቅበታል፣ የሚመለስልሽም የእሷ ድምፅ አይሆንም። ቡና ላይም አይሁን፤ ጎረቤት ተሰብስቦ እምቢ ብትያት ታፍራለች። ከሥራ ስትወጡ በሐይቁ ዳር አብራችሁ ብትራመዱ ይሻላል፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ሰው አይፋጠጥም። ነገሩን መጀመሪያ ላይ ንገሪያትና ቀሪውን ጊዜ ስለልጆቹ አውሩ። መጨረሻ ላይ ብትነግሪያት ግን ተቀያይማችሁ ትለያያላችሁ።

የቅዳሜው ነገር «መገኘት ብቻ» አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ከጓደኛሽ በላይ ያለው ሰው፣ እነሱ አፕላይን የሚሉት፣ አጠገብሽ ይቀመጣል። መድረክ ላይ ሰዎች እንዴት ከኪራይ ቤት እንደወጡ ይናገራሉ፣ ይጨበጨባል፣ ቅጹ እዚያው ይታደላል፣ «ዛሬ ለሚመዘገብ» የሚል ቅናሽ ይኖራል። ጓደኛሽ እዚያ ብቻዋን አይደለችም፤ አንቺን ማምጣቷ በሊደሯ ፊት የሚቆጠርላት ሥራ ነው። እዚያ ሄደሽ እምቢ ብትይ በአለቃዋ ፊት ነው እምቢ ያልሻት። ለደስታዋ ብለሽ የሄድሽበት ነገር ከሁሉ የበለጠ ያስከፋታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ይህን ሒሳብ ለእሷ አታቅርቢው። የምነግርሽ ሌሊት «እውነቷን ቢሆንስ? ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን?» እያልሽ እንዳትገላበጪ ነው።

36,000 ለ4,500 ሲካፈል 8 ነው። አንድ ሰው የከፈለውን ለማስመለስ ብቻ ከሥሩ በግራ 8፣ በቀኝም 8 ሰው ያስፈልገዋል። እንግዲህ ሁሉም ነገር እንደ ተስፋው ሆነ እንበል፤ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሰው አስገባ፣ እነዚያም ሁለት ሁለት አስገቡ፣ ማንም አላቋረጠም። ከሥሩ ሦስት ደረጃ የሞላለት ሰው በየጎኑ 1፣ 2 እና 4፣ በድምሩ 7 ሰው አለው፤ 7 ጥንድ 31,500 ብር ነው፣ ገና አልተመለሰለትም። የሚመለስለት አራት ደረጃ የሞላለት ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ሰባት ደረጃ ሲደርስ 127 ሰው ይኖራል፤ ገንዘባቸው የተመለሰላቸው 7ቱ ናቸው። አሥር ደረጃ ሲደርስ 1,023 ሰው ይኖራል፤ የተመለሰላቸው 63 ናቸው። አየሽው? ማደጉ ምንም አልለወጠም። በየትኛውም ጊዜ ብትቆጥሪ ከ16 ሰው 15ቱ ያህሉ ገና ከስረው ነው የሚገኙት፣ ምክንያቱም ከታች ያለው ደረጃ ሁልጊዜ ከላይ ካሉት ሁሉ ድምር ይበልጣል። ይህ ደግሞ ማንም ባላቋረጠበት፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ባገኘበት ዓለም ነው። እርግጥ የተሰጠውን ዕቃ በዚያ ዋጋ ገዝተሽ የምትጠቀሚው ከሆነ ያን ከኪሳራው ቀንሺ።

ከዚሁ ቁጥር የሚወጣ ሌላም ነገር አለ። አንቺ 36,000 ብትከፍዪ ለጓደኛሽ የሚደርሳት ቢበዛ 4,500 ነው፤ ያውም በሌላኛው ጎን አንድ ሰው ሲገኝላት ብቻ። አንቺ የግማሽ ጥንድ ዋጋ ነሽ። «ልርዳት ብዬ ልግባ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣብሽ ከሆነ፣ እሷን በ4,500 ብር ለመርዳት ስምንት እጥፍ መክፈል እንደሆነ አስቢው።

ለእሷ ለምን አይነገራት? ይህን ሒሳብ ከነገርሻት ስለ ገባችበት ነገር ሳይሆን ስለ ብልህነቷ እንደተናገርሽ ነው የምትሰማው። በሥልጠናውም ላይ እንዲህ የሚል ሰው «አሉታዊ ሰው» ተብሎ ስም ወጥቶለታል፤ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ራቂ ተብላለች። አንቺ እምቢ ብቻ ስትዪ ግን የሚለጠፍብሽ ስም የለም። ሕጉንም እንደ ማስፈራሪያ አታንሺው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ዕቃ ገዝቶ ወይም ገንዘብ አዋጥቶ፣ በእሱ አማካይነት በገቡት ሰዎች ብዛት ሽልማት ያገኛል እየተባለ የሚካሄድን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል። አንድ ድርጅት እዚያ ውስጥ መውደቅ አለመውደቁ የሚለየው ክፍያው ከየት እንደሚመጣ ሲመረመር ነው፤ ዕቃውን ለመጠቀም ከሚገዛ የውጭ ሰው ነው ወይስ ለመግባት ከሚከፍል ሰው? ጓደኛሽ በነገረችሽ አከፋፈል ላይ ስለ ውጭ ደንበኛ አንድም ቃል የለም። ይህን ለራስሽ ያዢው፤ አንድ ቀን ራሷ ስትጠይቅሽ ይጠቅማል።

ነርስ መሆንሽን ያነሳሽው እንደ ዋዛ ነው፤ እኔ ግን ከ36,000 ብሩ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የምግብ ማሟያ የሚሸጥ ሰንሰለት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲያገኝ ትልቅ ነገር አገኘ ማለት ነው። ባትገቢም «ሲስተርም ታውቀዋለች» መባሉ ብቻ ይሸጥላቸዋል። ስኳር ያለባት እናት ኪኒኗን ትታ ዱቄቱን ብትጀምር የምትመጣው አንቺው ጋ ነው። ስለዚህ በዚያው ንግግር ላይ አንድ ነገር ጨምሪ፦ «ስሜን ለማንም አትጥሪ፤ ጤና ጣቢያም ለዚህ ጉዳይ አትምጪ። እዚያ ያሉት ታካሚዎቼ ናቸው።» ይህኛው ምክንያት ሊሰጠው ይችላል፣ ምክንያቱም የሥራሽ ሥነ ምግባር ነው፣ ማንም በሁለት ሰዓት ሥልጠና ሊመልሰው አይችልም። «ቢያንስ አንድ ጣሳ ግዢኝ» ብትልሽም አልመክርም። ከማታውቂው መድኃኒት ቤት በዚያ ዋጋ የማትገዢውን ከእሷ ከገዛሽ በሚቀጥለው ወር «አለቀ ወይ?» የሚል ስልክ ይመጣል፣ ያን ጊዜ የምታስቆሚው እንደገና በእምቢታ ነው። «እሺ የሰው ስም ስጪኝ» ካለችም መልሱ ያው ነው፤ የባልደረባሽን ስልክ ስትሰጪ የምትሰጪው የባልደረባሽን ይሉኝታ ነው።

እቁቡ። በሚቀጥለው ወር ብሩ እጅሽ ሲገባ እሷ እዚያው ቁጭ ብላ ታያለች። ከዚያ በፊት ካልነገርሻት በኋላ የምትናገሪው ሁሉ ገንዘብ ደብቀሽ እንደነፈግሻት ነው የሚሰማት። አስቀድመሽ ከነገርሻት ግን ብሩ ከጨዋታው ወጥቷል። «ለቆርቆሮ ነው የያዝኩት» አትበያት፤ ቆርቆሮ ይቆያል፣ «መጀመሪያ እዚህ አስገቢና በትርፉ ቤቱን ትጨርሺዋለሽ» ይባላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከእምቢታው በኋላ የሚመጣውን ሁለተኛ ጥያቄ ነው፦ «እሺ አትግቢ፤ ግን የእኔ ተራ ሲደርስ ዋስ ሁኚኝ።» እቁቡን ወስዳ ኔትወርኩ ውስጥ ብታስገባውና ቀሪውን መጣል ቢያቅታት የሚጠየቀው ዋሱ ነው። አንቺ 36,000ን እምቢ ብለሽ ከዚያ ሊበልጥ የሚችል ዕዳ ልትሸከሚ ነው። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ብቻ አለ። ወይ ዋስ አትሁኚ፤ ወይም ስትሆኚ ቀሪውን መዋጮ ከራስሽ ደመወዝ እየከፈልሽ ምንም ሳትያት መኖር እንደምትችዪ ቁጠሪና ሁኚ። «አትከፍይም ብዬ አይደለም» እያልሽ በሆድሽ እየፈራሽ ዋስ መሆን ግን ከሁሉም የከፋው ነው፤ በየሳምንቱ እቁቡ ላይ ፊቷን ታያለሽ፣ መዋጮው በዘገየ ቁጥር ስለ እሷ የምታስቢው ይበላሻል። የእቁቡ ዳኛም ሆነ ጸሐፊ ጋ ሄደሽ ስለ እሷ አታውሪ። የእኔን ዋስትና የመወሰን መብት አለኝ፣ የእሷን ስም የማንሳት ግን የለኝም ብለሽ ያዢው።

ከዚያ ቀን በኋላ ያሉት ቀናት ከንግግሩ እኩል ይመዝናሉ። እምቢ የተባለ ኔትወርክ ሠሪ የለመደው ነገር አለ፤ እምቢ ያለው ሰው ስልክ አያነሳም፣ መንገድ ይቀይራል። ከገባች ጀምሮ ስንቱ ሰው እንደሸሻት አስቢ። ስለዚህ ቀድመሽ የምትደውዪው አንቺ ሁኚ፣ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ፣ ሽያጭ ሊገባበት በማይችል ጉዳይ። ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ክርስትና እናቷ ናት፣ ምክንያት አያስፈልግሽም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ጥሪያት። ዓሣ ለመግዛት አብራችሁ ውረዱ። እዚያ ላይ ዕቃውን ብታነሳ አትቆጪ፤ «እሱን ጨርሰናል፣ እሺ?» ብለሽ ወሬውን ቀይሪ። ሁለተኛም ያንኑ። በሦስተኛው ግን ተነሺ፤ «ዛሬ ስለሱ ማውራት ስለፈለግሽ እኔ ልሂድ፣ ሐሙስ እደውላለሁ» በያትና በእርግጥም ሐሙስ ደውዪ። መደወልሽ ነው መነሳትሽን ከኩርፊያ የሚለየው።

ነገሩ ወደ መጥፎ እየሄደ መሆኑን የምታውቂው በሁለት ምልክት ነው። አንዱ ስልክ ስታነሺ ሦስተኛ ሰው መስመሩ ላይ ካለ ነው፤ ይህ ሆን ተብሎ የሚሠራ ስልት ነው። «ከሌላ ሰው ጋር ስትሆኚ አላወራም፣ ብቻሽን ስትሆኚ ደውዪ» ብለሽ ዝጊ። ሌላው ሊደሯን ሳትነግርሽ ቤትሽ ይዛ ከመጣች ነው። እንግዳ ስለሆነ ቡና ይጠጣ፤ ስለ ሥራው ሲጀምር ግን ለእሱ ሳይሆን ለእሷ መልሺ፦ «ይህን ነግሬሻለሁ።» የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ብትጨምርሽ ምንም ሳትጽፊ ውጪ።

ሽማግሌ ማስገባት ብዙዎች ቶሎ የሚያስቡት ነገር ነው። አሁን አይሆንም። ሽማግሌ የተጣላን ያስታርቃል፤ እናንተ አልተጣላችሁም። ሽማግሌ ከገባ በኋላ ግን በዳይና ተበዳይ መገኘት አለበት፣ እሷ ደግሞ ጓደኞቿ ሁሉ ተሰብስበው የፈረዱባት ይመስላታል።

እምቢታሽን ሰምታ ብትርቅ፣ ለተወሰነ ጊዜ ልትርቅ ትችላለች፤ በዓል ሲመጣ ደውዪ፣ ለልጅሽ ልደት ጥሪያት፣ ስለ ኔትወርኩ ግን አትጠይቂያት። ስንት እንዳገኘች የሚጠይቃት ሰው በቂ ነው።

በመጨረሻ የምትወጣ ከሆነ ኪሳራውን ለመናገር የምታፍረው በብዛት ባስገባቻቸው ሰዎች ምክንያት ነው፤ የእህቷ ልጅ፣ የቤት አከራይዋ። አንቺ ከእነዚያ መካከል ስላልሆንሽ ልትነግርሽ የምትችለው ሰው ትሆኛለሽ። ያን ቀን «ብዬሽ ነበር» እንዳትይ፤ ሒሳቡንም አታውጪ። የምትጠይቂያት ተግባራዊ ነገር ነው፦ ያልተከፈተ ዕቃ ቤት ውስጥ አለ? የከፈለችበት ደረሰኝና የባንክ ማስተላለፊያ ተቀምጧል? የፈረመችው ውል ላይ ዕቃ መመለስ የሚፈቀድበት ቀን ተጽፏል? ያ ቀን ካላለፈ መመለስ የምትፈልገውን በጽሑፍ ታስገባ፣ በስልክ አይሁን፤ የጻፈችውንም ግልባጭ ትያዝ። ካልመለሱላት ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ትሂድ፣ አብረሻት ሂጂ። ያስገባቻቸውን ሰዎች ራሷ ትንገራቸው፤ ከፈለገች ስትነግራቸው አጠገቧ ተቀመጪ፣ አንቺ ግን አትናገሪላት።